የሪፖርት የገጽ ማረሚያ፦ ማውጫ፣ የገጽ ቁጥር፣ ራስጌና የምስል ቁጥር

የገጽ ማረሚያ ማለት የአንድ ሪፖርት ጽሑፍ ታርሞ ገጾቹ ከተቀናበሩ በኋላ፣ ብዙ ቅጂ ከመባዛቱ በፊት ለፍተሻ የሚወጣ የመጨረሻ ናሙና ነው። እዚህ ደረጃ ላይ የዓረፍተ ነገር ማሳመር ጊዜው አልፏል። የሚፈተሸው ማውጫው የጠቆመው ርዕስ በተባለው ገጽ መገኘቱ፣ የገጾቹ ቁጥር አለመዝለሉ፣ ከገጹ አናት ያለው ራስጌ ከምዕራፉ ጋር መስማማቱና ምስሎቹ በጽሑፉ በተጠሩበት ቁጥር መቀመጣቸው ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ጣና የሚጻፍ ሪፖርት አይጠፋም፤ እምቦጩ፣ ዓሣው፣ የሐይቁ የውኃ መጠን ሁሉ ይጻፍባቸዋል። እንዲህ ያለው ሰነድ ብዙውን ጊዜ ሦስት አራት ሰዎች በየፊናቸው የጻፉት ነው፤ አንዱ ያገጣጥመውና በፍላሽ ይዞ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ጣጣው የሚጀምረው እዚያ ነው። ሪፖርቱ የተጻፈበት የግዕዝ ፊደል ቅርጽ በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ፣ ማሽኑ ሳይናገር ሌላ ይተካበታል። ተተኪው ትንሽ ሰፋ ያለ ከሆነ መስመሮች ይረዝማሉ፣ ገጾች ይገፋሉ፤ ማውጫው ግን የድሮውን ቁጥር እንደያዘ ይቀራል። ስለዚህ ማረሚያው መታየት ያለበት በሚታተመው ፒዲኤፍ ላይ እንጂ በጸሐፊው ኮምፒውተር በተከፈተው ፋይል ላይ አይደለም።

ማውጫን ከገጽ ጋር ሲያመሳክሩ ስህተት መኖሩን ማወቅ ቀላል ነው፤ የበለጠ የሚጠቅመው የልዩነቱን አካሄድ ማየት ነው። አንድ የጣና ዳርቻ ሪፖርት እንውሰድ። በማውጫው ምዕራፍ 2 ገጽ 15፣ ምዕራፍ 3 ገጽ 37፣ ምዕራፍ 4 ገጽ 61 ላይ ይጀምራሉ ይላል። ገጹ ሲገለጥ ምዕራፍ 2 በቦታው አለ፤ ምዕራፍ 3 ግን 39 ላይ፣ ምዕራፍ 4 ደግሞ 63 ላይ ተገኙ። ልዩነቱ በድንገት ሁለት ሆኖ እዚያው ከረጋ፣ ምዕራፍ 2 ውስጥ ማውጫው ከተሠራ በኋላ ሁለት ገጽ ገብቷል ማለት ነው። ምናልባት በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የእምቦጩን ስፋት የሚያሳየው ካርታና ባዶ ጀርባው ነው። ልዩነቱ ግን ከንዑስ ርዕስ ወደ ንዑስ ርዕስ አንድ፣ ሁለት፣ አራት እያለ የሚያድግ ከሆነ ተጠያቂው የፊደል ቅርጹ ነው። የመጀመሪያው ማውጫውን በማደስ ይድናል፤ ሁለተኛው ትክክለኛው ፊደል ተመልሶ ገጾቹ እንደገና ካልተቀናበሩ በቀር አይድንም።

በዎርድ የተሠራ ማውጫ በ`F9` ሲታደስ ሁለት ምርጫ ይቀርባል። `Update page numbers only` የሚለው ቁጥሩን ብቻ ስለሚያድስ፣ በመጨረሻ ሰዓት የተለወጠ ርዕስ በማውጫው ላይ በድሮ ስሙ ይቀራል፤ የሚመረጠው `Update entire table` ነው። በማውጫው «ሥነ ምህዳር»፣ በገጹ ደግሞ «ስነ ምኅዳር» ተብሎ ከተገኘ ማውጫው በእጅ የተተየበ ወይም ያልታደሰ መሆኑን መጠርጠር ነው። የአማርኛ ሞክሼ ፊደላት ለአንድ ጊዜ እንኳ ለአራሚ ይጠቅማሉ።

ለገጽ ቁጥር አጭሩ መንገድ ከፒዲኤፉ የገጽ ተራ ላይ በገጹ የተጻፈውን ቁጥር መቀነስ ነው። መቅድምና ማውጫ 10 ገጽ ከያዙ፣ የፒዲኤፉ 11ኛ ገጽ ላይ 1 ተጽፎ መገኘት አለበት፤ ልዩነቱም እስከ አባሪው ድረስ 10 ሆኖ ይዘልቃል። የሆነ ቦታ ላይ 11 ከሆነ ሳይቆጠር የታለፈ ገጽ አለ፤ 9 ከሆነ ደግሞ ቁጥር ተዘሏል ወይም ገጽ ጎድሏል። ለአግድም ካርታ ተብሎ የተከፈለው ክፍል ዋነኛው ተጠርጣሪ ነው። ራስጌውም ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚያው ነው፤ አዲሱ ክፍል ከቀደመው ጋር እንደተያያዘ ከቀረ፣ ምዕራፍ 4 የምዕራፍ 3ን ስም ተሸክሞ ይሄዳል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ምዕራፍ ሁለተኛና ሦስተኛ ገጽ ላይ ራስጌውን ማየት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ገጽ ብዙ ጊዜ ራስጌ ስለማይኖረው ምንም አይነግርም።

ከሁሉ የሚያታልለው የምስል ቁጥር ነው። ምስል 3.3 የታንኳ ፎቶ ነበር እንበል፤ ጥራቱ ስላነሰ ወጣ። የመግለጫዎቹ ቁጥር በራሱ ተስተካክሎ የጨረጨራን ግድብ የሚያሳየው 3.5 ወደ 3.4 ወረደ። በጽሑፉ ውስጥ በእጅ የተተየበው «በምስል 3.5 እንደሚታየው» ግን አልተነካም። አሁን 3.5 ላይ ያለው የውኃ መጠን ግራፍ ነው፤ ቁጥሩ ስላለ፣ ተከታታይነቱም ስላልተቋረጠ፣ መግለጫዎችን ብቻ የቆጠረ አራሚ «ሁሉም ደህና» ብሎ ያልፋል። መፍትሔው «ምስል» የሚለውን ቃል ከጽሑፉ እየፈለጉ፣ ዓረፍተ ነገሩ የሚናገረው ነገር በተጠራው ምስል ላይ መኖሩን አንድ በአንድ ማየት ነው። አንድ ጠዋት ይፈጃል።

ማውጫው የሚታደሰው ምስሎቹና ራስጌዎቹ ከተስተካከሉ በኋላ ነው፤ ምስል ሲወጣ ገጽ ይንቀሳቀሳልና። ከዚያ አዲስ ፒዲኤፍ ይወጣል፤ በዚህኛው ላይ የየምዕራፉ መነሻ ገጽ፣ ካርታው ያለበት አካባቢና የምስሎች ዝርዝር እንደገና ይታያሉ።