ሪጀነሬሽን ምንድን ነው? የሚቃጠለው ጥቀርሻና የማይቃጠለው አመድ

ባለፈው ሳምንትም ሰማሁት። ኮምቦልቻ ጋራዥ በር ላይ ሻይ እየጠጣን አንዱ በልበ ሙሉነት ያስረዳል። «ዲፒኤፍ ሞላ ካለህ ቀላል ነው። መኪናውን አቁመህ ነዳጁን ደጋግመህ ትረግጠዋለህ። ጥቀርሻው ተነፍቶ ይወጣል። ሪጀነሬሽን የሚሉት እሱን ነው።» ሻዩ ትን ሊለኝ ነበር።

ዲፒኤፍ የናፍጣ መኪና ጭስ ማውጫ ላይ የሚገጠም የጥቀርሻ ፊልተር ነው። ሪጀነሬሽን መንፋት አይደለም፤ ማቃጠል ነው። ጥቀርሻው በጭስ ማውጫው ተነፍቶ የሚወጣ ቢሆንማ ፊልተሩን መግጠም ለምን አስፈለገ?

ፊልተሩ ውስጡ የንብ እንጀራ የመሰለ ሸክላ ነው። ቀጫጭን ቀዳዳዎቹ አንዱ በፊት፣ አንዱ በኋላ ተደፍነዋል። ስለዚህ ጭሱ በአንዱ ገብቶ በዚያው መውጣት አይችልም። ግድግዳውን ሰርጎ ወደ ጎረቤቱ ቀዳዳ መሻገር አለበት። ጋዙ ያልፋል፣ ጥቀርሻው ግድግዳው ላይ ይቀራል። ወንፊት ነው አትበሉኝ። የጥቀርሻው ቅንጣት ከግድግዳው ቀዳዳ በብዙ እጥፍ ያንሳል፤ የሚያዘው እየተጋጨ ስለሚለጠፍ ነው። ቀጥሎ የተለጠፈው ራሱ የኋለኛውን ይይዛል። እንዲያውም ትንሽ ጥቀርሻ የለበሰ ፊልተር ከአዲሱ ይበልጥ ይይዛል።

አሁን የቡና ከሰል ምድጃ አስቡ። ጥቀርሻ ማለት ከሰል ነው፣ ካርቦን። ከሰል ዝም ብሎ በማራገቢያ ስለተመታ አይነድም። መጀመሪያ መቀጣጠል አለበት። ጥቀርሻው በጭሱ ውስጥ ባለው ኦክስጅን እንዲነድ 600 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። መኪናው ቆሞ፣ ማርሽ ሳይገባ ነዳጅ ስትረግጡ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ሸክም የለበትም። ጭሱ 200 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያልተቀጣጠለ ከሰል ማራገብ ማለት ይሄ ነው።

ታዲያ የመኪናው ኮምፒውተር ምን ያደርጋል? ክብሪት ይጭራል። ፒስተኑ ወደ ታች ከወረደ በኋላ ኢንጀክተሩ ትንሽ ናፍጣ ይጨምራል። ይሄ ናፍጣ ሲሊንደር ውስጥ አይነድም። ተንኖ ከፊልተሩ ፊት ያለው ካታላይዘር ላይ ይደርስና እዚያ ይነዳል። ሙቀቱ ወደ 600 ይወጣል፣ ጥቀርሻው ይያያዛል። 30 ግራም ካርቦን ሙሉ በሙሉ ቢነድ 110 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። በዓይን የሚታይ ነገር አይወጣም። ነዳጅ ሲረገጥ «ይኸው ወጣ!» ብላችሁ የምታሳዩን ጥቁር ጭስ እንግዲህ ሌላ ችግር አለው፤ ፊልተሩ ወይ ተሰንጥቋል፣ ወይ ልቡ ወጥቷል። (ምሳሌው እዚህ ላይ ትንሽ ያነክሳል። ረጅም መንገድ ላይ ጥቀርሻ በናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ከ300 ዲግሪ ጀምሮም ቀስ እያለ ይነዳል፣ ያለ ክብሪት።)

ባለፈው ወር አንድ ደብል ጋቢና ከደሴ መጣልኝ። ባለቤቱ ነጋዴ ናቸው። ከቤታቸው ፒያሳ ያለው ሱቃቸው፣ ከሱቅ ቤት፤ ከዚያ ያለፈ መንገድ የለም። የዲፒኤፉ መብራት ከበራ ሰንብቷል። «ረጅም መንገድ ንዳው ብለውኝ ይኸው እስከዚህ ነዳሁት፤ አልጠፋም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የነዱት እኮ ቁልቁለት ነው።»

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይም ይወርዳል። ማርሽ አስገብታችሁ በሞተር እየያዛችሁ ስትወርዱ ኢንጀክተሩ ናፍጣ ያቆማል። በፊልተሩ የሚያልፈው ቀዝቃዛ አየር ነው። ምድጃው ላይ ውሃ እንደመርጨት ቁጠሩት።

ወደ ሥራ ከመግባቴ በፊት ዘይቱን ለካሁ። ከላይኛው ምልክት አንድ ጣት ያህል አልፏል፣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ዘይት አይወልድም። ኮምፒውተሩ ከተማ ውስጥ ደጋግሞ ክብሪት ሲጭር፣ እሳቸው ደግሞ ሱቅ ደርሰው ሞተር ሲያጠፉ፣ ያልነደደው ናፍጣ በሲሊንደሩ ግድግዳ እየወረደ ዘይቱ ውስጥ ገብቷል። እንዲህ ያለ መኪና በፍጹም አቀበት አይወጣም፤ መጀመሪያ ዘይት ይቀየራል። ወደ ግፊት ሴንሰሩ የሚሄዱትን ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎችም አየሁ። አንዱ ከተሰነጠቀ የምታነቡት ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው። ደህና ነበሩ።

ስካነሩ 29 ግራም ጥቀርሻ ይላል። (አልመዘነውም፣ ገምቶ ነው። ይሄን የሚረሳ መካኒክ ብዙ ነው።) ከፊልተሩ በፊትና በኋላ ያለው የግፊት ልዩነት በሚኒሞ፣ ማለትም መኪናው ቆሞ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ 24 ሚሊባር። የዚህ ዓይነት መኪና ደህና ሲሆን 5 አካባቢ ነው የማየው።

ስካነሩን ሳንነቅል ወደ ደሴ ወጣን። ከባድ ማርሽ፣ ሳይንገላታ፣ ሳይቆም። አቀበቱ ሲጀምር ከፊልተሩ ፊት ያለው ሙቀት 340 አለ፣ ከዚያ ክብሪቱ ተጫረ፣ 610። ጋሼ ቁጥሩን እያዩ «ኧረ፣ አይፈነዳም?» ይሉኛል። እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው፤ መንገድ ተዘግቶ እንዳንቆም። በዚያ ሙቀት ሞተሩ ድንገት ወደ ሚኒሞ ሲወርድ ጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ይበዛል፣ ሙቀቱን ገፍቶ የሚወስድ ነፋስ ግን የለም። በጥቀርሻ የታጨቀ ሸክላ የሚሰነጠቀው ያኔ ነው። ደረቅ ሣር ላይ ማቆምም እንዲሁ አይሞከርም።

በ18 ደቂቃ ውስጥ 29 የነበረው ግራም 4 ሆነ። መብራቱ ጠፋ። ጋሼ ደስ አላቸው፣ ሊመርቁኝ ጀመሩ። እኔ ግን ደሴ መግቢያ ላይ ቆመን በሚኒሞ ያለውን ግፊት አየሁ። 15።

ጥቀርሻው አልቆ ግፊቱ ለምን አልወረደም? ወደ ምድጃችን እንመለስ። ከሰሉ ነዶ ሲያልቅ አመዱ ይቀራል። አመዱ ከሞላ አየር አያልፍም፣ እንደገና ለኩሱት ብትሉም ምን ይለኮሳል? የፊልተሩ አመድ ግን ከጥቀርሻው የሚመጣው በጣም ጥቂት ነው። አብዛኛው ሞተሩ በትንሽ በትንሹ ከሚያቃጥለው ዘይት ነው፤ ዘይቱ ውስጥ ያሉት ካልሲየምና ዚንክ ናቸው። 600 ዲግሪም ሆነ 700 አይነካቸውም። መኪናው 190 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዷል፣ ዘይቱም ያገኙት ሁሉ ሲሞላበት ኖሯል። ለዲፒኤፍ የሚሆን አመዱ ያነሰ ዘይት እንዳለ የነገራቸው የለም።

በስካነር ሪጀነሬሽን ደጋግሞ ማስገደድ ከንቱ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አመድ ግን ይራገፋል፤ ያ የሻይ ቤቱ ሰው ሳያውቀው የተጠጋው ይሄን ነው። ፊልተሩ ይፈታል፣ ጭሱ ከሚወጣበት በኩል በአየር ይነፋል፣ አመዱም በገባበት ይወጣል። በታፈነ ሳጥን ውስጥ መሆን አለበት፣ ዱቄቱ ለሳንባ ክፉ ነው።

ጋሼ ቀጠሮ ይዘው በሳምንቱ ተመለሱ። ፊልተሩን ከመንፋታችን በፊትና በኋላ በሚዛን አስቀመጥነው። የቀነሰው 70 ግራም ነው፣ ነጣ ያለ ግራጫ ዱቄት። ጥቁር ነገር የለበትም። ገጥመን ስናስነሳው በሚኒሞ 6 አለ።