የኤርሊ ክስተት፦ የትራንዚስተር ቤዝ ስፋት መለዋወጥና የማጉላት ጣሪያ

ባይፖላር ትራንዚስተር መጀመሪያ ሲማሩት ቀላል ይመስላል። የኮሌክተሩን ከረንት የሚወስነው በቤዝና በኤሚተር መካከል ያለው ቮልቴጅ ነው፤ የኮሌክተሩ ቮልቴጅ ከፍ ቢል ዝቅ ቢል ከረንቱ ንቅንቅ አይልም ይባላል። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ የትራንዚስተሩ የመውጫ ሬዚስታንስ ወሰን የለሽ በሆነ ነበር። በመለኪያ ፊት ግን የኮሌክተሩ ቮልቴጅ ሲጨምር ከረንቱም ቀስ እያለ ይጨምራል። ምክንያቱን በ1952 እ.ኤ.አ. ያብራራው በቤል ላቦራቶሪዎች ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው መሐንዲስ ጄምስ ኤርሊ ስለሆነ ክስተቱ በስሙ ይጠራል።

ነገሩ የሚፈጠረው ቤዝና ኮሌክተር በሚገናኙበት ድንበር ላይ ነው። ትራንዚስተሩ በሚያጎላበት ጊዜ ይህ ድንበር በተገላቢጦሽ ቮልቴጅ ሥር ስለሚሆን በግራና በቀኙ ነፃ ኤሌክትሮኖችም ሆኑ ቀዳዳዎች የሌሉበት ባዶ ቀጠና ይኖራል። የኮሌክተሩ ቮልቴጅ ሲጨምር ባዶው ቀጠና ይሰፋል፤ ሲሰፋም ከፊሉ ወደ ቤዙ ይገባል። ኤሌክትሮኖች ከኤሚተር ተነሥተው የሚያቋርጡት የቤዝ ክፍል በዚያው ልክ ይጠብባል። በቤዙ መግቢያ ላይ ያለው የኤሌክትሮን ክምችት አልተለወጠም፤ በመውጫው በኩል እንደ ቀድሞው ዜሮ አካባቢ ነው። ርቀቱ ብቻ ስላጠረ የክምችቱ ቁልቁለት ይጨምራል፤ ከረንቱም ከቁልቁለቱ ጋር አብሮ ያድጋል።

የጭማሪውን መጠን ለማወቅ ሁለት ልኬት ይበቃል። የቤዙን ከረንት ሳንነካ ኮሌክተሩን በ5 ቮልት ስናቆም 1.00 ሚሊ አምፔር፣ በ10 ቮልት ስናቆም 1.05 ሚሊ አምፔር አገኘን እንበል። 5 ቮልት ለ0.05 ሚሊ አምፔር ሲካፈል 100 ኪሎ ኦም ይሆናል፤ የመውጫው ሬዚስታንስ ይህ ነው። ሁለቱን ነጥቦች የሚያገናኘውን መስመር ወደ ግራ ብንስበው ከረንቱ ዜሮ የሚሆነው በ−95 ቮልት ላይ ነው። የዚህ ቁጥር መጠን የኤርሊ ቮልቴጅ ይባላል። የአንድን ትራንዚስተር ባሕርይ በአንድ ቁጥር ስለሚገልጽ የሚከተለው ቀመር ለአብዛኛው ሥራ በቂ ነው፦

r_o ≈ V_A / I_C

እዚህ r_o የመውጫው ሬዚስታንስ፣ V_A የኤርሊ ቮልቴጅ፣ I_C የኮሌክተሩ ከረንት ነው።

በልኬቱ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከረንቱ 10 ሚሊ አምፔር ቢሆን ቮልቴጁን ከ5 ወደ 10 ማሳደግ 50 ሚሊ ዋት ተጨማሪ ሙቀት ያመጣል፤ በትንሽ የፕላስቲክ ቅርፊት የተሸፈነ ትራንዚስተርም 10 ዲግሪ ያህል ሊሞቅ ይችላል። ሙቀት የከረንት ማባዣውን፣ ማለትም የኮሌክተሩ ከረንት የቤዙን ከረንት ስንት እጥፍ እንደሚሆን የሚነግረውን ቁጥር፣ ስለሚያሳድግ የኮሌክተሩ ከረንት ከኤርሊ ክስተት ውጪም ይጨምራል፤ ሬዚስታንሱም ከእውነተኛው ያነሰ መስሎ ይታያል። መለያው ጊዜ ነው። የቤዙ መጥበብ ወዲያውኑ ይታያል፤ ቮልቴጁ ከተረጋጋ በኋላ በሰከንዶች ውስጥ እየዳኸ የሚወጣው ጭማሪ የሙቀት ነው። ስለዚህ በአጭር የቮልቴጅ ምት መለካት ይሻላል።

አሁን ወደ ማጉያው እንሂድ። ኤሚተሩ መሬት ላይ የታሰረ፣ 1 ሚሊ አምፔር የሚያስተላልፍ፣ በኮሌክተሩ 5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ያለው ማጉያ እንውሰድ። በክፍል ሙቀት በቤዙ ላይ የሚመጣ 1 ሚሊ ቮልት ለውጥ ኮሌክተሩን በ0.04 ሚሊ አምፔር ያንቀሳቅሳል። ይህ በ5 ኪሎ ኦም ሲባዛ 200 እጥፍ ማጉላት ይሰጣል። ነገር ግን የትራንዚስተሩ 100 ኪሎ ኦም ከሬዚስተሩ ጋር ጎን ለጎን ስለሚቆም ውጤቱ 4.76 ኪሎ ኦም፣ ማጉላቱም 190 ይሆናል። ጉዳቱ 5 በመቶ ብቻ ስለሆነ በሬዚስተር የተሠራ ማጉያ ላይ የኤርሊ ክስተት ሳይታወቅ ያልፋል።

በሬዚስተሩ ቦታ የከረንት ምንጭ ሲተካ ግን ሁኔታው ይገለበጣል። ምንጩ ፍጹም ቢሆን እንኳ የቀረው ሬዚስታንስ የትራንዚስተሩ የራሱ 100 ኪሎ ኦም ነው፤ ማጉላቱም 4000 ላይ ይቆማል። ከረንቱን በእጥፍ ብናሳድግ የቤዙ አዛዥነት በእጥፍ ይጨምራል፤ የመውጫው ሬዚስታንስ ግን በግማሽ ይወርዳል፤ ብዜቱ እዚያው ነው። የአንድ ትራንዚስተር የማጉላት ጣሪያ በግምት የኤርሊ ቮልቴጅ ለ25 ሚሊ ቮልት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው፤ በኔ እይታ ከዚህ ሁሉ ሊያዝ የሚገባው ይህ ነው። የከረንት ምንጩም ራሱ ትራንዚስተር ስለሆነ የራሱን ሬዚስታንስ ይዞ ይመጣል። የእሱ 50 ኪሎ ኦም ቢሆን ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ውጤቱ 33 ኪሎ ኦም፣ ማጉላቱ 1300 አካባቢ ይሆናል።

አምራቹ በቤዙ ውስጥ የሚጨመሩትን ባዕድ አቶሞች ከኮሌክተሩ ይልቅ ያበዛል፤ ባዶው ቀጠና ያን ጊዜ በአብዛኛው ወደ ኮሌክተሩ ይሰፋል። ከልክ በላይ ማብዛት ደግሞ የከረንት ማባዣውን ይቀንሳል። የሰርኪዩት ነዳፊው ሌላ መንገድ አለው፤ ይኸውም ሁለተኛ ትራንዚስተር ከላይ ደርቦ ካስኮድ መሥራት ነው። የታችኛው ኮሌክተር ቮልቴጅ ከሞላ ጎደል ስለማይንቀሳቀስ ቤዙ የሚለዋወጥበት ምክንያት ያጣል፤ የመውጫው ሬዚስታንስም በብዙ እጥፍ ያድጋል። ዋጋው ምልክቱ የሚወዛወዝበት የቮልቴጅ ክፍት ቦታ መጥበቡ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ደረጃ 5 ኪሎ ኦም መግቢያ ያለው ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ይሆናል፤ ማጉላቱ ተመልሶ ከ200 በታች ስለሚወርድ በመካከል ኤሚተር ተከታይ የሚባል ከፍተኛ የመግቢያ ሬዚስታንስ ያለው ደረጃ መግባት አለበት።