ሚዛኑ ከገጠመ በኋላ ኦዲተሩ ምን ይፈልጋል?

«ሂሳቡ ተዘግቷል፣ ሚዛኑም ገጥሟል፣ ታዲያ የውጭ ኦዲተር ምን ሊሠራ ይመጣል?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሂሳብ ሠራተኛውና የኦዲተሩ ሥራዎች የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ወረቀት ላይ ስለሆነ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ዋናው ልዩነታቸው አቅጣጫቸው ነው።

የሂሳብ ሠራተኛው ከወረቀት ወደ መዝገብ ይሄዳል። ኢንቮይስ ሲቆረጥ ይመዘግባል፣ ክፍያ ሲገባ ይመዘግባል፣ በወሩ መጨረሻ የራሱን መዝገብ ከባንክ መግለጫው ጋር ያስታርቅና ትራያል ባላንስ የሚባለውን የሂሳቦች ሁሉ ማጠቃለያ ያወጣል። ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል ከመጣ እፎይ ይላል። እኩል መምጣቱ ግን የተመዘገበው ነገር በሁለቱም በኩል መመዝገቡን ብቻ ነው የሚነግረን። በእውኑ ያልነበረ ሽያጭም በሁለቱም በኩል ከተጻፈ ሚዛኑ ይገጥማል።

ኦዲተሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከመዝገቡ ተነስቶ ወደ ውጭ ይሄዳል። ከሂሳብ መግለጫው ላይ አንድ ቁጥር ይይዝና «ይሄ ነገር በእርግጥ አለ ወይ? የድርጅቱ ነው ወይ? የዚህ ዓመት ነው ወይ? የተጻፈውን ያህልስ ያወጣል ወይ?» እያለ ይጠይቃል። ሁሉንም ወረቀት አያይም፤ ጊዜውም ወጪውም አይፈቅድም። ስለዚህ አስቀድሞ ማቴሪያሊቲ የሚባለውን ጣሪያ ያወጣል። ይህ ስህተቱ ከዚህ በላይ ከሆነ መግለጫውን የሚያነብ ሰው ውሳኔውን ሊቀይር ይችላል ተብሎ የሚገመት መጠን ነው። ለትርፍ በሚሠራ ድርጅት ብዙዎች ከታክስ በፊት ካለው ትርፍ 5 በመቶውን መነሻ ያደርጋሉ። ሕግ አይደለም፣ የባለሙያ ግምት ነው።

ነገሩ በአንድ የሂሳብ ዓይነት ላይ ሲታይ ይቀላል፤ ተሰብሳቢ ሂሳብን እንውሰድ። በዱቤ የሚሸጥ አንድ ድርጅት አለ እንበል። ከታክስ በፊት ትርፉ 4 ሚሊዮን ነው፣ ስለዚህ ማቴሪያሊቲው 200,000 ይሆናል። በዓመቱ መጨረሻ ከደንበኞች የሚሰበስበው 12 ሚሊዮን ነው። የሂሳብ ክፍሉ የእያንዳንዱን ደንበኛ ሂሳብ ደምሮ ከዋናው መዝገብ፣ ከጠቅላላ ሌጀሩ ጋር አመሳክሯል፤ አንድ ሳንቲም ልዩነት የለም።

ኦዲተሩ ዕዳቸው ከፍ ያለውን 10 ደንበኞች ሙሉ በሙሉ ይወስዳል። እነሱ ብቻ 8 ሚሊዮኑን ይይዛሉ። ከቀሪው 4 ሚሊዮን ውስጥ ደግሞ በድምሩ 600,000 ያለባቸውን 15 ደንበኞች በናሙና ይመርጣል። ከዚያ ለ25ቱም የማረጋገጫ ደብዳቤ ይልካል፦ «በዓመቱ መጨረሻ ቀን የነበረብህ ዕዳ ስንት ነው?» ደብዳቤውን ድርጅቱ ይፈርምበታል፤ የሚልከው ግን ኦዲተሩ ራሱ ነው፣ መልሱም የሚመጣው በቀጥታ ለእሱ ነው። ይህችን ነገር እንደ ተራ ሥርዓት የሚያይ ብዙ ሰው አለ። እኔ ግን የሥራው እምብርት እሷ ናት ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም መልሱ በድርጅቱ እጅ ካለፈ ማስረጃው ከውጭ መጣ ለማለት ያስቸግራል።

ከ25ቱ 20ዎቹ «ልክ ነው» ብለው መለሱ። ሦስቱ የተለየ ቁጥር ሰጡ፣ ሁለቱ ዝም አሉ።

የመጀመሪያው ልዩነት 90,000 ነው። ደንበኛው በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ከፍሏል፣ ገንዘቡ ግን ድርጅቱ ባንክ የገባው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ኦዲተሩ የአዲሱን ዓመት የባንክ መግለጫ አየ፣ አገኘው፣ አለፈ። ስህተት አይደለም።

ሁለተኛው ከባድ ነው። መዝገቡ 870,000 ሲል ደንበኛው 520,000 ይላል። የ350,000ው ኢንቮይስ የተቆረጠው ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፤ ደንበኛው ዕቃውን የተረከበበት ሰነድ ግን የአዲሱ ዓመት አራተኛ ቀን ይላል። ሂሳብ ሠራተኛው አልዋሸም፤ የደረሰውን ኢንቮይስ በቀኑ መዘገበ። ሽያጩ ግን የሚቀጥለው ዓመት ነው። ይባስ ብሎ ዕቃው በቆጠራው ቀን መጋዘን ውስጥ ስለነበር ከክምችቱ ጋር ተቆጥሯል። አንድ ዕቃ ተሸጠም፣ አልተሸጠም ተብሎ ሁለት ቦታ ገባ ማለት ነው፣ የዚህ ዓመት ትርፍም በ350,000 አብጧል። ይህ ከጣሪያው በላይ ነው፣ መስተካከል አለበት።

ሦስተኛው 30,000 ብቻ ነው፦ ደንበኛው ዕቃ መልሷል፣ ከዕዳው ግን አልተቀነሰለትም። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ይህ ደንበኛ ከናሙናው ነው። ከ600,000 ውስጥ 30,000 ማለት 5 በመቶ ነው። ያልታየው ሂሳብም እንደዚሁ ከሆነ በ4 ሚሊዮኑ ላይ ግምቱ 200,000 ይደርሳል። ስለዚህ ኦዲተሩ «ትንሽ ናት» ብሎ አያልፍም፤ ናሙናውን ያሰፋል፣ በዓመቱ መጨረሻ አካባቢ ተመልሰው የመጡ ዕቃዎችንም ይመረምራል።

ዝም ያሉትስ? ከዓመቱ በኋላ ከፍለው እንደሆነ ባንክ መግለጫው ላይ ይታያል። አንደኛው ከፍሎ ተገኘ። ሌላኛው አልከፈለም፤ የፈረመበት የርክክብ ሰነድ ስላለ ዕዳው መኖሩ አያጠራጥርም፣ ግን 400 ቀን አልፎታል። እዚህ ላይ ጥያቄው «አለ ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «ይሰበሰባል ወይ?» ይሆናል። ማኔጅመንቱ «ይከፍላል» ካለ ኦዲተሩ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ካልተገኘ ለማይሰበሰብ ዕዳ መጠባበቂያ እንዲያዝ ያሳስባል።

ድርጅቱ ራሱ ለሌሎች መክፈል ባለበት ዕዳ በኩል ሲሆን አቅጣጫው ይገለበጣል። እዚያ የሚፈራው ያልተመዘገበው ስለሆነ መዝገቡን ማየት ብዙም አይረዳም። ኦዲተሩ በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ሳምንታት የተከፈሉ ክፍያዎችን ይዞ ወደ ኋላ ይሄዳል፦ ይህ ክፍያ ላለፈው ዓመት ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሆነ፣ ባለፈው ዓመት መዝገብ ውስጥ ለምን የለም?

ያገኘውን ስህተት ኦዲተሩ ራሱ መዝገብ ውስጥ ገብቶ አያስተካክልም። ካስተካከለ የራሱን ሥራ ሊመረምር ነው። ማስተካከያውን ያቀርባል፤ የሚቀበለው ወይም የሚቃወመው ማኔጅመንቱ ነው፣ መግለጫውም የእሱ ነው። በእኛ ምሳሌ 350,000ው ከተስተካከለና የቀሩት ስህተቶች ተደምረውም ከጣሪያው በታች ከሆኑ ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት ይሰጣል። እምቢ ካሉ አስተያየቱ «ከዚህ ጉዳይ በስተቀር» የሚል ይሆናል፣ ጉዳዩና መጠኑም እዚያው ይጻፋል።

ይህ ሁሉ አሠራር መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1938 አሜሪካ ውስጥ ማኬሰን ኤንድ ሮቢንስ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ የሌለ ክምችትና የሌሉ ደንበኞች መዝግቦ ተገኘ። ወረቀቱ የተሟላ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ኦዲተሮች መጋዘን ሄደው ቆጠራ የመከታተልም ሆነ ለደንበኞች ደብዳቤ የመጻፍ ግዴታ አልነበረባቸውም። በአገሪቱ ሁለቱም መደበኛ የኦዲት ሥራ የሆኑት ከዚያ በኋላ፣ በ1939 ነው።

ደብዳቤውም ቢሆን ሊታለፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የጣሊያኑ የወተት ኩባንያ ፓርማላት 3.95 ቢሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብ ባንክ ኦፍ አሜሪካ አለኝ ይል ነበር፤ ይህንን የሚያረጋግጥ ደብዳቤም ነበር። ባንኩ በታኅሣሥ ወር ሒሳቡ የለም አለ። ደብዳቤው ፎርጅድ ነበር። ለዚህም ነው ጠንቃቃ ኦዲተር የባንኩን ወይም የደንበኛውን አድራሻ ድርጅቱ ከሰጠው ዝርዝር ላይ ብቻ የማይወስደው፤ ራሱ ፈልጎ ያመሳክራል፣ አጠራጣሪ መልስ ሲመጣለትም መልስ ሰጪውን በቀጥታ ያነጋግራል። ደንበኛው ራሱ ከድርጅቱ ጋር ተመሳጥሮ የሐሰት ቁጥር ከፈረመ ግን ይህም ላይበቃ ይችላል፤ ኦዲተሩ የሚሰጠው ማረጋገጫ «ምክንያታዊ» እንጂ «ፍጹም» የማይባለው በዚህም ምክንያት ነው።