የመምህር የድጋፍ ደብዳቤ ምንድን ነው?

በመሥሪያ ቤቶቻችን «የድጋፍ ደብዳቤ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው አንድ ተቋም ለሌላው የሚጽፈውና ባለጉዳዩ የተቋሙ አባል መሆኑን ገልጾ «ትብብር እንዲደረግላት እንጠይቃለን» ብሎ የሚዘጋው አጭር ወረቀት ነው። ለነፃ ትምህርት ዕድል የምታመለክት ተመራቂ ከመምህሯ የምትጠይቀው፣ በተማሪዎች አነጋገር «ሪኮመንዴሽን» የሚባለው ደብዳቤ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ የተቋም ማረጋገጫ ሲሆን ሁለተኛው የአንድ ሰው ምስክርነት ነው። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ መምህር ራስጌ ባለው ወረቀት ላይ አራት መስመር ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ቲተርና ማኅተም አድርጎ ይሰጣል፤ ወረቀቱ በሕግ ፊት ምንም ባይጎድለውም ለአመልካቿ የሚጨምርላት ነገር የለም።

የመምህር የድጋፍ ደብዳቤ ማለት ተመራቂዋን ያስተማረ ወይም የመመረቂያ ሥራዋን ያማከረ መምህር፣ እሷን አይተው ለማያውቁ መራጮች፣ በሥራ ላይ ያየውን ነገር ከራሱ ፍርድ ጋር የሚያስረዳበት ጽሑፍ ነው። መራጮቹ የውጤት መግለጫዋን፣ የትምህርትና የሥራ ታሪኳን እንዲሁም ራሷ የጻፈችውን የፍላጎት መግለጫ አስቀድመው ይዘዋል። ስለዚህ ደብዳቤው ጥቅም የሚኖረው እነዚህ ወረቀቶች የማያሳዩትን ሲያሳይ ነው፦ ሙከራዋ ሲበላሽ ምን እንደምታደርግ፣ ማንም ሳያዛት ምን እንደምትጀምር፣ ስህተቷ ሲነገራት እንዴት እንደምትቀበል። የፉልብራይት የውጭ ተማሪዎች መርሐ ግብር ሦስት ደብዳቤዎችን ይጠይቃል፤ ከኢራስመስ ሙንዱስ የማስተርስ መርሐ ግብሮች ደግሞ ብዙዎቹ ሁለት ይጠይቃሉ። ሁሉም ከመምህር ብቻ አይጠብቁም፤ የጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት ዳድ ከልማት ጋር ለተያያዙ የድኅረ ምረቃ ትምህርቶች በሚሰጠው ዕድል ለምሳሌ ከአሠሪ የተጻፈ ደብዳቤ ስለሚፈለግ፣ ማስታወቂያውን አንብቦ ማን እንዲጽፍ እንደተፈለገ መለየት ይቀድማል።

ደካማውን ደብዳቤ ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። «ተማሪዋ ጎበዝ፣ ትጉህ፣ መልካም ሥነ ምግባር ያላትና ከጓደኞቿ ጋር ተግባብታ የምትሠራ ናት» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ወስደን የሌላ ተማሪ ስም ብናስገባበት ምንም ሳይጎረብጥ ይሄዳል። ለማንም የሚሆን ዓረፍተ ነገር ስለ ማንም አይመሰክርም። እኔም በማስተማር የመጀመሪያ ዓመታቴ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ያን ጊዜ ምስጋናውን በማብዛት ተማሪዬን የረዳሁ ይመስለኝ ነበር።

በማስረጃ የቆመ ደብዳቤ ምን እንደሚመስል ለማየት አንዲት የኬሚስትሪ ተመራቂ እናስብ። የመመረቂያ ሥራዋ በስምጥ ሸለቆ ከሚገኙ የጉድጓድ ውኃዎች የተወሰዱ 24 ናሙናዎችን የፍሎራይድ መጠን መለካት ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በአካባቢው ከዚያ በላይ ፍሎራይድ ያለው ውኃ ለረጅም ጊዜ በመጠጣት ጥርሳቸው የበለዘ ሰዎች በርካታ ናቸው። የምትለካው በፍሎራይድ ኤሌክትሮድ ነው። በዚህ መሣሪያ የፍሎራይዱ መጠን በ10 እጥፍ በተለወጠ ቁጥር፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ንባቡ በ59 ሚሊቮልት ገደማ መለወጥ ይኖርበታል። መምህሯ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ መራጮቹ ግን ሁሉም ኬሚስቶች ላይሆኑ ስለሚችሉ፣ ጉዳዩን አንድ የተማረ ሰው በሚረዳው ልክ በሁለትና በሦስት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት አለበት። ደብዳቤው የሚላከው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ ዋናው አንቀጽ በአማርኛ ቢጻፍ እንዲህ ይሆን ነበር፦

«24ቱንም ናሙናዎች ለክታ ከጨረሰች በኋላ የመለኪያ መስመሯን እንደገና ስትመረምር፣ በሊትር ከ0.1 ወደ 1 ሚሊግራም በሚያልፈው ክፍል ንባቡ የተለወጠው በ48 ሚሊቮልት ብቻ መሆኑን አስተዋለች። እኔ ይህን አላስተዋልኩም ነበር፤ ውጤቷንም ለመቀበል ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን መስመሩ የተሠራባቸውን፣ የፍሎራይድ መጠናቸው አስቀድሞ የታወቀ ሙሙቶች አንድ በአንድ ፈትሻ፣ ዝቅተኛው ሙሙት የተዘጋጀበት ዕቃ ቀድሞ ከያዘው ጠንካራ ሙሙት በሚገባ እንዳልታጠበ ደረሰችበት። አዲስ ሙሙት አዘጋጅታ ለውጡ 58 ሚሊቮልት መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ የመጀመሪያውን ውጤት ሙሉ በሙሉ ትታ ሁሉንም ናሙናዎች በሁለት ቀን እንደገና ለካች። በላቦራቶሪ ደብተሯ የቀድሞው ቁጥር አልተፋቀም፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ ምክንያቱና ቀኑ ከጎኑ ተጽፏል።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ «ጥንቁቅ» ወይም «ሐቀኛ» የሚል ቃል አንድም ጊዜ አልተጻፈም፤ አንባቢው ግን ሁለቱንም ራሱ ይደርስባቸዋል። የአንቀጹ ክብደት የሚመጣው ከሦስት ነገሮች ነው። መጀመሪያ፣ ነገሩ የሆነው ተማሪዋን ማንም ሳይጠይቃት ስለሆነ ፈቃዷንና ችሎታዋን አብሮ ያሳያል። ቀጥሎ፣ የተተወው ሥራ መጠን ተነግሯል፤ 24 ናሙና መድገም ለመመረቅ ለቸኮለ ተማሪ ትንሽ ነገር አይደለም። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ መምህሩ እንዴት እንዳወቀ ይታያል፤ ደብተሩን አይቷል። «በጣም ትተጋ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ» የሚል መምህር ምስክር ሊሆን አይችልም።

ከዚህ አንቀጽ በፊት መምህሩ ከየት ሆኖ እንደሚናገር መግለጽ አለበት፦ ስንት ዓመት እንደሚያውቃት፣ የትኞቹን ትምህርቶች እንዳስተማራት፣ አማካሪዋ የነበረው ለስንት ወር እንደሆነ። ማወዳደሩም እዚህ ይገባል። «ከምርጥ ተማሪዎቼ አንዷ ናት» ማለት ከስንት ተማሪዎች እንደሆነ ካልተነገረ ትርጉም የለውም፤ «በዚያ ዓመት ካስተማርኳቸው 46 ተማሪዎች በላቦራቶሪ ሥራ ሦስተኛ አድርጌ አያታለሁ» ሲባል ግን አንባቢው የሚይዘው ነገር ያገኛል። ብዙ የማመልከቻ ቅጾች ደግሞ መምህሩ አመልካቿን ከቀዳሚዎቹ 5 በመቶ፣ ወይም 10 በመቶ፣ ወይም 25 በመቶ ውስጥ መድቦ ሳጥን እንዲሞላ ይጠይቃሉ። ከ46 ተማሪዎች 5 በመቶው ሁለት ሰው ገደማ ስለሆነ ሦስተኛዋ የምትገባው በ10 በመቶው ሳጥን ነው። እሷን ለመጥቀም ብሎ 5 በመቶውን የሚሞላ መምህር በደብዳቤውና በቅጹ መካከል ግጭት ይፈጥራል፤ ግጭቱን ያየ መራጭም የቀረውን ምስክርነት በጥርጣሬ ያነባል።

ጉድለትን ጨርሶ አለመጥቀስም ይጎዳል፣ በተለይ ጉድለቱ በውጤት መግለጫው ላይ ከታየ። ተመራቂዋ በሁለተኛ ዓመት በአንድ የሒሳብ ትምህርት ሲ ፕላስ ካላት መራጮቹ ያዩታል። መምህሩ ምክንያቱን የሚያውቅ ከሆነና እሷም ከፈቀደች በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊጠቅሰው፣ ወዲያውም በኋላ ሒሳብ የሚጠይቅ ምን ሥራ እንደሠራች ሊያሳይ ይችላል። ሕመምንና የቤተሰብ ችግርን ግን ያለ ፈቃዷ መጻፍ አይገባም።

አሁን በየዩኒቨርሲቲው ወደ ተለመደ አንድ አሠራር ልለፍ። ተማሪዋ «መምህር፣ ሪኮመንዴሽን እንዲጽፉልኝ ነበር» ስትል «ራስሽ ጽፈሽ አምጪውና እፈርማለሁ» የሚል መልስ ይሰጣታል። የመምህራን የሥራ ጫና ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም ይህ አሠራር የሚጎዳው እሷን ነው። ሰው ስለራሱ ሲጽፍ መምህሩ ብቻ ያየውን ሊያውቅ አይችልም፤ ከዚያም የፍላጎት መግለጫዋና ሁለቱ ደብዳቤዎች በአንድ ድምፅና በተመሳሳይ ሐረጎች ሲመጡ ብዙ ማመልከቻ ያነበበ መራጭ በቀላሉ ያስተውለዋል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ቅጽ ላይ ደብዳቤውን የማየት መብቷን ትታ እንደሆነ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የአገሪቱ የተማሪዎች መረጃ ሕግ ነው። መብቷን ትቻለሁ ብላ ፈርማ ደብዳቤውን ራሷ ጽፋ ከሆነ መግለጫዋ እውነት አይደለም።

መካከለኛው መንገድ ተማሪዋ ረቂቅ ሳይሆን ማስታወሻ እንድታመጣ ነው። የውጤት መግለጫዋን፣ የመመረቂያ ሥራዋን፣ የፍላጎት መግለጫዋን፣ የዕድሉን ማስታወቂያና የመጨረሻውን ቀን፣ እንዲሁም «በዚህ ወር በዚህ ላቦራቶሪ ይህን ሠርቼ ነበር» የሚሉ አንድ ገጽ ማስታወሻዎችን ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በፊት ብትሰጠው፣ መምህሩ የዘነጋውን ያስታውሳል፤ ፍርዱና ቃሉ ግን የራሱ ሆነው ይቀራሉ። ለማን እንደምትሰጥም ታስብበት። ብዙዎች ማዕረግ ይመርጣሉና ወደ ትምህርት ክፍል ኃላፊው ወይም ወደ ዲኑ ይሄዳሉ፤ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል አንድ ጊዜ ያስተማራት ፕሮፌሰር ከሚጽፈው ይልቅ ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ሴሚስተር ሙሉ አብሯት የቆመ ረዳት መምህር የሚጽፈው ይበልጣል።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ በላይ፣ ከሁለት ገጽ በታች ቢሆን በቂ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለመምህሩ በኢሜይል የሚላክለትን ማስፈንጠሪያ ተከትሎ በቀጥታ ስለሚጫን፣ አመልካቿ የመምህሯን የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል መስጠት ይኖርባታል፤ የግል አድራሻ የላኪውን ማንነት ለማረጋገጥ ያስቸግራል። መልእክቱ ወደ አይፈለጌ ሳጥን ሊገባ ስለሚችል ደውላ እንዲፈልገው ብትጠይቀው ነውር የለውም። ስሟ በፓስፖርቷ ላይ ባለው የላቲን አጻጻፍ ፊደል በፊደል መጻፍ አለበት፤ አንድ የአማርኛ ስም በሦስት መንገድ ሊጻፍ ስለሚችል የደብዳቤውና የማመልከቻው ስም ሲለያይ የሌላ ሰው ሰነድ ይመስላል። ቀንም እንዲሁ ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የተመረቀችን ተማሪ መምህሩ በልማድ «በ2016 ተመረቀች» ብሎ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ላይ ቢጽፍ፣ የውጤት መግለጫዋ ግን 2024 ቢል፣ መራጩ የሚያየው የስምንት ዓመት ልዩነት ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤው ከመጫኑ በፊት በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ዓመት ከውጤት መግለጫው ጋር መመሳከር አለበት።