የጥጥ ብናኝ የሳንባ በሽታ፦ የአሠሪው ግዴታና የሠራተኛው ካሳ

የጥጥ ብናኝ የሳንባ በሽታ በሐኪሞች ቋንቋ ባይሲኖሲስ ይባላል። የሚይዘው ጥጥ በሚዳመጥበት፣ በሚፈታበት፣ በሚበጠርበትና በሚፈተልበት ቦታ ለዓመታት የሚሠራን ሰው ነው። በአገራችን ስለዚህ በሽታ ከተጻፉት ጥናቶች የሚታወቁት በአቃቂና በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሠራተኞች ላይ የተደረጉት ናቸው። ሁለቱም የ1980ዎቹ ሥራዎች ናቸው። ያኔ ራሳቸውን ለምርመራ ያቀረቡት ሠራተኞች ባለውለታዎቻችን ናቸው። ዛሬ ስለ ጉዳዩ ማስረጃ ጠቅሰን የምንከራከረው በእነሱ ትንፋሽ ነው።

በሽታውን ከሌሎች የሚለየው ቀኑ ነው። ሠራተኛው እሁድ አርፎ ሰኞ ሲገባ፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ደረቱ ይጨመድዳል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ያስለዋል። ማክሰኞ ይሻለዋል። ሐሙስ ላይ ረስቶታል። በሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ ይመለሳል። ዓመታት ሲቆጠሩ ሕመሙ ወደ ማክሰኞና ረቡዕ ይዘልቃል፣ በመጨረሻም ቀን አይመርጥም። መጀመሪያ ላይ ከብናኙ የራቀ ሰው ይድናል። ዘግይቶ የራቀ ግን የተጎዳ ሳንባውን ይዞ ነው የሚወጣው።

የብናኙ ብዛት ከክፍል ክፍል ይለያያል። የታሰረው የጥጥ ጥቅል ተፈቶ የሚበተንበት ክፍልና ማበጠሪያው የከፉ ናቸው። ሽመናው ይሻላል። በማበጠሪያው ክፍል ፈረቃዋን የጨረሰች ሴት ሻሿን ስታራግፍ ነጭ ብናኝ ይበናል። ቅንድቧ ላይ ሳይቀር ይቀመጣል። እኔ በዓይኔ ካየሁት ሁሉ የሚያስቆጨኝ ማሽኑን በአየር ግፊት መንፋት ነው። የወለሉ ብናኝ ተመልሶ ሰው አፍንጫ ውስጥ ይገባል። በጨርቅ የተሰፋ ጭምብል ትልልቁን ክር ይይዛል እንጂ ሳንባ ድረስ የሚዘልቀውን ደቃቅ ብናኝ አያቆምም። ዋናው መፍትሔ ብናኙን ከማሽኑ ላይ ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ ነው።

ሕጉ ረጅም ታሪክ አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥራ አደጋና በሽታ ደንግጓል። በ1968፣ በ1985 እና በ1996 ዓ.ም. የሠራተኛ አዋጆች ወጥተዋል። አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ሠራተኛው ከሚሠራው ሥራ ወይም ከሚሠራበት አካባቢ የተነሣ የሚይዘው ሕመም አድርጎ ይተረጉመዋል። በሽታውን ከአደጋ እኩል እንደ ሥራ ላይ ጉዳት ይቆጥረዋል። ይህ የሠራተኛ ማኅበራት ለዓመታት የደከሙበት ነገር ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ነጥብ የጥፋት ጉዳይ ነው። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሠራተኛው «አሠሪዬ አጠፋ» ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ጥፋት ካለ ደግሞ ተጨማሪ ካሳ በሌላ ሕግ መጠየቅ ይችላል። አሠሪው ከኃላፊነት ነፃ የሚሆነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ ነው። በግልጽ የተሰጠን የደህንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ ሥራ መግባትም እንደዚያው ይታያሉ። «ጭምብል አላደረገችም» የሚለው መከራከሪያ ከዚህ ይመነጫል። ያልታደለ ጭምብል ግን አለማድረግ ጥፋት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ጭምብል የታደለበትን የፊርማ መዝገብ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ክርክር «ይህ ቲቢ ነው» ወይም «አስም ነው» የሚለው ነው። ይህ የዋዛ ክርክር አይደለም። አዋጁ በአካባቢው የሚዛመቱ ነባር በሽታዎችንና ወረርሽኞችን ከሥራ በሽታ ውጭ ያደርጋል። ልዩነቱ እነዚያን በሽታዎች መከላከል ሥራቸው ለሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ በካርዱ ላይ የተጻፈው የበሽታ ስም ካሳውን ሊያስቀረው ይችላል። ባይሲኖሲስ በደረት ራጅ ብቻ አይለይም። የሚያሳየው የትንፋሽ መለኪያው፣ ስፓይሮሜትሪው ነው። ሰኞ ፈረቃ ከመግባት በፊት አንድ ጊዜ፣ ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ ሌላ ጊዜ ይለካል። ሁለተኛው በግልጽ ከቀነሰ ሥራው ሳንባውን እየነካው ለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው። በእረፍት ሳምንት መሐል የተደረገ ምርመራ ምንም ላያሳይ ይችላል። ለሐኪሙም «ያስለኛል» ማለት ብቻ አይበቃም። «ሰኞ ሰኞ ይብሰኛል፤ የምሠራው ማበጠሪያ ነው» ማለት ያስፈልጋል።

የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተው ሚኒስቴር በሚያወጣው የሥራ በሽታዎች ሰንጠረዥ የተዘረዘረ በሽታ በተዛማጅ ሥራ ላይ ባለ ሠራተኛ ላይ ሲታይ፣ መታየቱ ብቻውን በቂ ማስረጃ ይሆናል። ሰንጠረዡ ውስጥ የሌለ ከሆነም በሌላ ማስረጃ ማስረዳት ይፈቀዳል። በዓለም ሥራ ድርጅት ዝርዝር ውስጥ የጥጥ ብናኝ በሽታ አለ። በሽታው የደረሰበት ቀን ሠራተኛው መሥራት ያቃተው የመጀመሪያ ቀን ወይም ሐኪም መጀመሪያ ያወቀበት ቀን ነው። ይህን ቀን በወረቀት መያዝ ግድ ነው። ከሥራ ግንኙነት የሚነሣ ጥያቄ ሌላ የጊዜ ገደብ ካልተነገረለት በአንድ ዓመት ይታገዳልና።

ጉዳቱ ሲታወቅ የአሠሪው የመጀመሪያ ሥራ እርዳታ መስጠት፣ ወደ ቅርብ ሕክምና ተቋም ማድረስና ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ነው። የሕክምና፣ የመድኃኒትና የሆስፒታል ወጪውም በእሱ ነው። ይህ የሚያበቃው የሐኪሞች ቦርድ ሲወስን ነው።

የገንዘቡን ነገር በምሳሌ እንየው። በወር 4,000 ብር የምታገኝ የማበጠሪያ ሠራተኛ ታማ ሥራ አቆመች እንበል። ዓመቱን ሙሉ ደሞዟ ያው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደሞዟን ታገኛለች፤ 12,000 ብር። በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ አያንስም፤ 9,000 ብር። በቀሪዎቹ ስድስት ወራት ከ50 በመቶ አያንስም፤ 12,000 ብር። በዓመቱ 33,000 ብር ይሆናል። ከዚያ ቦርድ ትቀርባለች።

ቦርዱ 30 በመቶ ዘላቂ ከፊል ጉዳት ብሎ ከወሰነና ክፍያው የአሠሪው ከሆነ፣ ስሌቱ ቀላል ነው። ለዘላቂ ሙሉ ጉዳት የሚከፈለው የዓመት ደሞዝ አምስት እጥፍ ነው። የእሷ የዓመት ደሞዝ 48,000 ብር ስለሆነ አምስት እጥፉ 240,000 ይሆናል። 30 በመቶው 72,000 ብር ነው። የጉዳት ክፍያው ግብር አይነካውም።

አሠሪው ይክፈል ወይስ የጡረታው ሥርዓት ወይም መድን የሚለው ሲያከራክር የኖረ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያዘው መንገድ፣ በጡረታ ወይም በመድን የተሸፈነ በዚያው ያገኛል፣ ያልተሸፈነን አሠሪው ይከፍላል የሚል ነው። ማኅበሩና አሠሪው የተፈራረሙት ኅብረት ስምምነት የተሻለ ነገር ካለው ግን እሱ ይቀድማል። ስለዚህ ማኅበር ባለበት ፋብሪካ መጀመሪያ የሚገለጠው ወረቀት ኅብረት ስምምነቱ ነው። የካሳውን አንቀጽ በደንብ ያስጻፉ ማኅበራት አባሎቻቸውን አድነዋል ብል አላጋነንኩም።

ሠራተኛዋ ማበጠሪያው ውስጥ ከቀጠለች ግን ቦርዱ ዛሬ የሰጠው 30 በመቶ ከጊዜ በኋላ ሌላ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ወደ ሌላ ክፍል መዛወሯን በደብዳቤ ካስያዘች ይህ ስጋት ይቀንሳል። ብናኝ ከማይደርስባቸው እንደ መጋዘን መዝገብ ቤት ያሉ ክፍሎች ከሽመናውም ይሻሏታል።