የሳምንት ኮንትራት ምሳ ምንድን ነው? ዋጋውና የቀሪ ቀን ደንቡስ እንዴት ይወሰናል?

የሳምንት ኮንትራት ምሳ ማለት በቤቱ የሚያበስል ሰው የአምስት የሥራ ቀን ምሳ ለቢሮ ሠራተኞች በአንድ ላይ ሸጦ፣ ሒሳቡን በቅድሚያ ተቀብሎ፣ ምግቡን በየቀኑ ቢሯቸው ድረስ የሚያደርስበት አሠራር ነው። ደንበኛው ምሳውን በየዕለቱ ከሚያዝ ሰው በረከሰ ዋጋ ያገኛል፤ አብሳዩ ደግሞ ነገ ለስንት ሰው እንደሚሠራ ዛሬ ያውቃል። ቅናሹ የሚሰጠው ለዚህ እርግጠኛነት ስለሆነ፣ ደንበኛው በፈለገው ቀን እየቀረ ሙሉ ሒሳቡ የሚመለስለት ከሆነ በስም የሳምንት፣ በተግባር ግን የቀን ገዢ ይሆናል። በእኔ እምነት የኮንትራቱን እውነተኛ ዋጋ የሚወስነው በማስታወቂያው ላይ ከሚጻፈው ቁጥር ይልቅ ደንበኛው በቀረበት ቀን ሒሳቡ ምን እንደሚሆን የሚናገረው የቀሪ ቀን ደንብ ነው።

ነገሩን በቁጥር ለማየት የአንድ ምሳ የኮንትራት ዋጋ 100 ነው እንበል። ከዚህ ውስጥ 45 ለአስቤዛ፣ 8 ለማሸጊያ ቢወጣ 47 ይተርፋል። ወደ አንድ ሕንፃ ምሳ ለማድረስ በቀን 90 ይከፈላል፤ የማብሰያው ጉልበትና ማገዶ ለዚያ ሕንፃ የሚደርሰው ድርሻ ደግሞ በቀን 150 ይሁን። እነዚህ ሁለቱ፣ በድምሩ 240፣ አንድ ምሳ ቢጎድልም አይቀንሱም፤ መልእክተኛው መንገዱን ይሄዳል፣ ድስቱም ይጣዳል። 240 ለ47 ሲካፈል ከ5 ጥቂት ስለሚበልጥ፣ ከአንድ ሕንፃ ቢያንስ 6 ምሳ መታዘዝ አለበት። 6 ምሳ 282 ያስገኛልና 42 ይተርፋል፤ አንድ ሰው ቀርቶ ሒሳቡ ሲመለስለት ግን ገቢው 235 ይሆንና 5 ይጎድላል። ስለዚህ ሰው አይቀርም ተብሎ የተሰላ ዝቅተኛ የትዕዛዝ ብዛት በመጀመሪያው ቀሪ ይፈርሳል። ዝቅተኛውን 7 ማድረግ በቀን አንድ ቀሪን ለመቻል ያስችላል። ብዛቱ መቆጠር ያለበትም ሳምንቱ ሲጀመር በተመዘገቡት ሰዎች ነው፤ በየዕለቱ ከተቆጠረ በአንዱ መቅረት ምክንያት ሌሎቹ ምሳቸውን ሊያጡ ይችላሉ።

ደንበኛው ሲቀር ምን ይመለስለት የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እርሱ በመቅረቱ የዳነው ወጪ ስንት እንደሆነ በማየት ነው። በጊዜው ካሳወቀ የአስቤዛውና የማሸጊያው 53 ይድናል፤ 47ቱ ግን አይድንም። ስለዚህ ግማሽ ሒሳብ፣ ማለትም 50፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ቢያዝለት አብሳዩ አይጎዳም፣ ደንበኛውም ላልበላው አስቤዛ አልከፈለም። ብዙ ደንበኞች ግማሽ የሚለው ቃል ስለሚከብዳቸው፣ በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ምሳ እንዲተላለፍላቸው፣ ከዚያ በላይ ግን ግማሹ ብቻ እንዲያዝላቸው መስማማት ጥሩ መካከለኛ መንገድ ነው። የሙሉው ምሳ ጉዳት ከ7ኛው ሰው በሚገኘው ትርፍ ይሸፈናል፤ ለዚህም ነው የትዕዛዙ ብዛትና የቀሪ ቀን ደንቡ ተነጣጥለው መወሰን የሌለባቸው።

የማሳወቂያው ሰዓት መወሰን ያለበት አስቤዛው በሚገዛበትና ጥራጥሬው በሚዘፈዘፍበት ሰዓት ነው። ገበያ የሚኬደው በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ከሆነ፣ የዕለቱ ጠዋት መልእክት ምንም ወጪ አያድንም። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ መቅረቱን ያሳወቀ ሰው ምሳው እንደተበላ ይቆጠራል፤ ሆኖም ለሥራ ባልደረባው እንዲሰጥለት መጠየቅ ቢፈቀድለት ምግቡ አይባክንም፣ ቅሬታውም ይቀንሳል።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን የተላለፉ ምሳዎች ሳይታዩ መከማቸታቸው ነው። ገደብ በሌለበት ኮንትራት 6 ደንበኞች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ምሳ አከማችተው ሁሉም በአንድ ሳምንት ቢጠቀሙባቸው፣ አብሳዩ 30 ምሳ ሠርቶ የ18 ምሳ ሒሳብ ብቻ፣ ማለትም 1800፣ ይቀበላል። ለአስቤዛና ለማሸጊያ 1590 ሲወጣ 210 ይቀራል፤ የአምስቱ ቀን ማድረሻና ማብሰያ ግን 1200 ነው። ገንዘቡ ቀድሞ ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን የዚያን ጊዜ ትርፍ መስሎ ወጥቷል። ስለዚህ የተላለፈ ምሳ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተበላ እንደሚያልፍበት ገና ሲመዘገቡ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ሒሳቡንም እስኪበላ ድረስ ለብቻው ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ቢሮው ራሱ የሚዘጋበት ቀን እንደ ቀሪ አይቆጠርም፤ ሳምንቱ ከመጀመሩ በፊት ተቀንሶ የአራት ቀን ሒሳብ ብቻ ይከፈላል። አብሳዩ ታሞ ወይም መንገድ ተዘግቶበት ምሳውን ካላደረሰ ደግሞ የቀኑ ሙሉ 100 ለደንበኛው ይመለሳል።