ቅርጹ ሳይነካ የሕንፃ ፊት እድሳት ምንድን ነው?

የቆየ ሕንፃ ፊት ሲታደስ ቀለሙ፣ መስኮቱና የግድግዳው ልባስ ይቀየራል፤ ቅርጹ ግን እንዳለ ይቆያል። አርክቴክቶች ማሲንግ የሚሉት ይህንን ነው፦ ቁመቱ፣ ስፋቱ፣ የጣሪያው ተዳፋት፣ ከግድግዳው ወጣ ገባ የሚሉት ነገሮች ሁሉ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ወጣ ገባው ነው፣ ማንም ስለማይለካው።

ጅማ ሂርማታ አካባቢ ታቹ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ የሆነ ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ሕንፃ አለ እንበል። መስኮቶቹ ከግድግዳው ፊት 15 ሳንቲ ሜትር ገባ ብለዋል። ምድር ቤቱን ከፎቁ የሚለየው መስመር ደግሞ 12 ሳንቲ ወጣ ብሏል። ፀሐይ ከጎን ስትመታው ፊቱ ላይ የሚያርፈው ጥላ ከእነዚህ ሁለት ልኮች የሚመጣ ነው።

ባለቤቱ ሙሉውን በአልኮቦንድ አልብሱልኝ ቢል ምን ይሆናል? ሉሁ ራሱ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከሚታሰርበት ፍሬም ጋር ግን 10 ሳንቲ ያህል ሊወጣ ይችላል። ያን ጊዜ መስመሩ 2 ሳንቲ ብቻ ይቀረዋል፤ መስኮቱም 25 ሳንቲ ጉድጓድ ውስጥ ይሰምጣል። አንድ ክፍል እንኳ ሳይጨመር ሕንፃው ሌላ ሆነ ማለት ነው። ልባሱን ከሱቁ በሮች በላይ ላለው የማስታወቂያ ቦታ ብቻ መወሰን፣ የቀረውን ቀለም መቀባት ይሻላል፤ ወጪውም ይቀንሳል።

አሮጌው የላሜራ መስኮት በአሉሚኒየም ሲተካ፣ ገጣሚው ሥራው ስለሚቀለው ፍሬሙን ከግድግዳው ፊት እኩል ሊያደርገው ይፈልጋል። እንዲህ ከሆነ ጥላው ይጠፋል፤ በግድግዳው የሚወርደው ዝናብም ቀጥታ መጋጠሚያው ላይ ያርፋል። መጋጠሚያውን የደፈነው ሲሊኮን ሲሰነጠቅ ውሃው ወደ ቤት ነው። ስለዚህ ፍሬሙ በድሮው 15 ሳንቲ ጥልቀት ይገጠም።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ስለምታገኝ፣ ከቀለሙ በፊት የሚታየው አሸንዳው ነው። የሚያፈስ አሸንዳ ሳይጠገን የተቀባ ግድግዳ ቀለሙ ያብጣል፣ ቀጥሎ ይላጣል። እርጥበቱን ለማወቅ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ዙሪያውን በሚጣበቅ ፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፎ ማሳደር ነው፤ ጠዋት ላስቲኩ በግድግዳው በኩል ጠል ከያዘ ግድግዳው አልደረቀም። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ደግሞ 28 ቀን ያህል ይጠበቃል።

እድሳቱን ለባለቤቱ ወይም ለማዘጋጃ ቤት ለማሳየት የበፊቱና የወደፊቱ ምስል ከአንድ ቦታ፣ ከአንድ የካሜራ ከፍታ የታየ መሆን አለበት። ሁለቱ ሲደራረቡ የጣሪያው ጠርዝ፣ ማዕዘኖቹና የፎቁ መስመር ካልገጠሙ፣ ወይ ካሜራው ቦታ ቀይሯል፣ ወይ ሠዓሊው ሕንፃውን ስቦታል። ይሁንና ከፊት ለፊት የታየ ምስል፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ያችን 10 ሳንቲ አያሳይም። እሷ የምትታየው ግድግዳው ከጎን ተቆርጦ በተሣለበት ሴክሽን ላይ ስለሆነ፣ ውል ከመፈረሙ በፊት እሱ ይጠየቅ።